ለአሥራ ሁለት ያካፈልኩት ወለድ

የእኔ እንጀራ የሰው ወረቀት ነው። ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶኮፒና አንድ ማተሚያ ያላት ጠባብ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የነጋዴ ሒሳብ እዘጋለሁ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ። ዲፕሎማዬም የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ያጠፋሁትን ስትሰሙ «ምስኪን፣ ሳያውቅ ነው» እንዳትሉልኝ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አጎቴ የኋላሸትና ጋሼ እንድሪስ አብረው መጡ። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ጀልባ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። ደሴ ካለ አንድ አበዳሪ ተቋም መቶ ሺህ ብር ተበድረው ሞተር ያለው ጀልባና አዲስ መረብ ገዝተው ነበር። የውሉን ቅጂ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጀልባው ውስጥ ትተውት ውሃ ገብቶበት ሊጥ ሆኗል። ደሴ ደውዬ ስጠይቅ ዋናውን ስካን አድርገው በኢሜይል ላኩልኝ።

«ከዚህ ላይ በየወሩ የምንከፍለውን አውጣልን» አለ አጎቴ። «ከእያንዳንዱ ክፍያ ደግሞ ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ ለይልን።»

ሌላ ደንበኛ «በወር ስንት ነው?» ብሎ ይሄዳል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። እነዚህ የጠየቁበት ምክንያት ነበራቸው። ጋሼ እንድሪስ ወለድ አይነኩም፤ አጎቴ ደግሞ ያለ እሳቸው ጀልባ አይገዛም። ስለዚህ ዋናውን እኩል ሊከፍሉ፣ ወለዱን አጎቴ ብቻውን ሊችል ተስማሙ። ጋሼ እንድሪስም በበኩላቸው በእሑድና በበዓላት፣ አጎቴ ግሸን ሲሳለምም፣ ብቻቸውን ሐይቁ ላይ ወርደው ያወጡትን ዓሣ እኩል ያካፍሉታል። «የወለዱ ምላሽ ነው እንዳትሉኝ፣ ንግድ ይሆንብኛል» ይላሉ። ውል አልጻፉም፣ ምስክር አልጠሩም። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር እኔ የማሰምረው መስመር ብቻ ነበር።

ስካኑ ግን ስካን አይባልም። ገጹ ዘሟል፣ ግራጫ ሆኗል። የክፍያው ሠንጠረዥ ያለበት ሦስተኛው ገጽ በቀኝ በኩል ተቆርጦ ተራ ቁጥሩ፣ ቀኑና የወሩ ክፍያ ብቻ ቀርተዋል። ዋናውና ወለዱ የተለዩባቸው ሁለት ዓምዶች ከጠርዙ ውጭ ናቸው። ስለ ወለድ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ደግሞ ትልቅ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። «በዓመት 18 በመቶ» የሚለው ይነበባል፤ በምን ላይ እንደሚታሰብ የሚናገረው መስመር ጠቁሯል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ኳስ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ክፍያው አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በየወሩ 9,168 ብር ነው። ደመርኩት፣ 110,016 ሆነ። መቶ ሺህ ቀነስኩለት፣ 10,016 ወለድ ተገኘ። ለአሥራ ሁለት አካፈልኩት፣ በወር 834 ብር ከ67 ሳንቲም። ቀሪው 8,333 ብር ከ33 ሳንቲም ዋና ነው። የዋናው ግማሽ፣ 4,166 ብር ከ67 ሳንቲም፣ የጋሼ እንድሪስ፤ የተረፈው የአጎቴ። ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር የሚደጋገምበት፣ ዓይን የማይጎረብጥ ነገር ሆነ። አተምኩት፣ ሃምሳ ብር ተቀበልኩ።

«የኔ ገንዘብ ንጹህ ዋና ነው?» አሉኝ ጋሼ እንድሪስ ወረቀቱን እያጠፉ።

«ንጹህ ዋና ነው» አልኩ። ኳሱም አላመለጠኝም።

አንድ ነገር ብቻ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ወለዱ ዓመቱን ሙሉ በመቶ ሺሁ ላይ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ አሥራ ስምንት ሺህ ይሆን ነበር እንጂ አሥር ሺህ አይሆንም። አሥር ሺህ የሆነው ዕዳው በየወሩ ስለሚቀንስ፣ ወለዱም በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ስለሚታሰብ ነው። በመጀመሪያ ዕዳው ትልቅ ነው፣ ወለዱም ትልቅ ነው፤ ወደ መጨረሻው ሁለቱም ያንሳሉ። ይህንን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ መልቀሙንም ተውኩት።

መልቀም የነበረብኝ በመጋቢት ነበር። ጸዳለ የምትባል መምህርት ከዚያው ተቋም የተበደረችበትን ውል ፎቶኮፒ ልታስነሳ አመጣች። ጥርት ያለ ወረቀት ነው፤ ዓምዶቹ ሁሉ አሉ። ወለዱ ከወር ወደ ወር ሲወርድ፣ ዋናው ሲወጣ አየሁት። እሷ እንደወጣች የእነ አጎቴን ስካን ከፍቼ አጎላሁት። ማኅተሙ ስር ያለው መስመር ሲጎላ ይነበባል፦ ወለዱ በቀሪው ዋና ዕዳ ላይ ይታሰባል። ታኅሣሥ ላይም እንዲሁ አጉልቼ ማየት እችል ነበር።

እንደገና ሠራሁት። አሥራ ስምንት በመቶ ለአሥራ ሁለት ወር፣ በወር አንድ ተኩል በመቶ። በጥር፣ ከመቶ ሺሁ ላይ 1,500 ብር ወለድ፣ 7,668 ብር ዋና። በየካቲት፣ ከቀረው 92,332 ላይ 1,384 ብር ከ98 ሳንቲም ወለድ። እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ዕዳው ዜሮ ገባ። ዜሮ ከገባ ትክክል ነው፤ የዚህ ሥራ ማረጋገጫው እሱ ነው።

ይህ ማለት ጋሼ እንድሪስ በመጀመሪያው ወር ከሰጡት ውስጥ 332 ብር ከ67 ሳንቲም ለወለድ ሄዷል ማለት ነው። ሰውየው እኔን አምነው የሚሸሹትን ነገር በገዛ እጃቸው ከፍለዋል።

ያን ዕለት ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን የሒሳብ ሰው ሰበብ አያጣም። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ ጠቅላላው ወለድ ያው 10,016 ነው፣ እሱንም አጎቴ ጨርሶ ይከፍለዋል፣ ታዲያ ማን ተጎዳ? እንዲህ ብዬ ራሴን አባበልኩ። እውነቱ ግን ማፈሬ ነው። በከተማው ስሜን ጠርተው «የማዕረግ ሒሳብ አይሳሳትም» ይላሉ፤ እሱን ማጣት ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሆድ ግን አልፈጀውም። ጋሼ እንድሪስ ገንዘቡን ደሴ እንድልክላቸው በየወሩ ወደ እኔ ያመጡታል፤ ቆጥረው ሲጨርሱም ያቺን ጥያቄ ይደግሟታል። በሚያዝያ «ንጹህ ዋና ነው?» አሉኝ፣ አዎ አልኩ። በግንቦት አዎ አልኩ። በሰኔም አዎ አልኩ።

የሰኔው ክፍያ እንደገባ ጋሼ እንድሪስ ፊታቸው በርቶ መጡ። ጅዳ የምትኖረው ልጃቸው ሰሚሃ የሐጅ ወጪያቸውን ልትችል ነው። «ዕዳ ተሸክሜ ቤተ አላህ አልሄድም» አሉ። ከዚያው ከላከችው ብር ድርሻቸውን ይዘጋሉ፤ አጎቴም ለጓደኛው ሲል ወይፈን ሸጦ የራሱን ድርሻ አሟላ። ውሉ ቀሪውን ዋና ከፍሎ አስቀድሞ መዝጋት ይፈቅዳል። በእኔ ሠንጠረዥ የቀረው ሃምሳ ሺህ ነው፤ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሺህ በፌስታል ይዘው ፊቴ ተቀመጡ። ደሴዎቹን ምን ያህል እንደቀረ በጽሑፍ እንዲልኩልን ጠይቄ ነበርና ያኔውኑ ኢሜይሉ ገባ፤ አተምኩት።

ቀሪ ዋና ዕዳ፣ ብር 52,231.80።

«ደሴዎች ተሳስተዋል» አለ አጎቴ ወረቀቱን አየት አድርጎ።

አዎ ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር። «እነሱ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አስረዳኋቸው። ዕዳው ሲበዛ ወለዱ እንደሚበዛ፣ እኔ ግን ለአሥራ ሁለት ወር እኩል እንዳደልኩት፣ ዓመቱ ቢሞላ እንደሚካካስ፣ በስድስተኛው ወር ሲቆረጥ ግን 2,231 ብር ከ80 ሳንቲም እንደሚጎድል ነገርኳቸው። ዋና ነው ብዬ ከነገርኳችሁ ላይ ያን ያህሉ ወለድ ነበር አልኩ። ጋሼ እንድሪስ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ከኔ ግማሹ?»

«ከአንቱ ግማሹ። 1,115 ብር ከ90 ሳንቲም።»

«ያ ረቢ» አሉ በዝግታ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ይኸን መቼ አወቅኸው፣ ልጄ?»

«አሁን፣ ደብዳቤውን ሳይ» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስህተቱን ተናግሬ ነበር እኮ፤ ከባዱን ተሻግሬ ነበር። ስህተቱን ለመናገር የበቃው አፍ ሦስት ወር ዝም ማለቴን ለመናገር አልበቃም። ጋሼ እንድሪስ አንገታቸውን ደፉ።

የጎደለውን እኔ ልክፈል ብዬ ለመንኩ፤ ብከፍል ይቀለኝ ነበር። አጎቴ ግን እጄን መለሰው። «ወለዱ የኔ ነው፣ ድሮም ተነጋግረንበታል። የእንድሪስ ድርሻ ሃምሳ ሺህ ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አትወጣውም» አለ። ለመስከረም የቀለበውን ሙክት በማግስቱ ገበያ አወጣው። ጋሼ እንድሪስ ከዋናው ድርሻቸው በላይ ሳይከፍሉ ዕዳው ተዘጋ። እኔ ሃምሳ ብሬን እንኳ አልመለስኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጋሼ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ሱቄ መጡ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የሐይቅ ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን ያውቃል። እኔን ግን ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር አልነበረም። ለመሰናበት የመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«ማዕረግ፣ አፉ በለኝ» አሉ።

«ኧረ ጋሼ እንድሪስ፣ አንቱ እኔን ምን በድለው?»

«በድዬሃለሁ። ያን ለት ‹አሁን ነው ያወቅሁት› ስትል፣ በሆዴ ‹ይኸ ልጅ ይዋሻል፣ ቀድሞ ያውቅ ነበር› አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ወላሂ። ግን ሆዴ ውስጥ ይዤው ወር አለፈኝ። ስትሰግድ ይመጣል፣ ስትተኛ ይመጣል። ሰውን ያለ ማስረጃ ዋሾ ማለት ወንጀል ነው። ይኸን ተሸክሜ ቤተ አላህ ፊት ልቆም አልችልም። አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

አሁን ልናገር አልኩ። ወዲያው ደግሞ ያ ውስጤ ያለው የሒሳብ ሰው መጣ፦ ብትነግራቸው አዲስ ቂም ይዘው ይሄዳሉ፣ ዝም ብትል ግን ቀሏቸው ይሄዳሉ፣ ታዲያ ማን ይጎዳል? በመጋቢት የሰማሁት ድምፅ መሆኑን አወቅሁት። አውቄውም ታዘዝኩለት።

«አፉ ብያለሁ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ትከሻዬን ሳሙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አላህ ይስጥህ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀለለኝ» አሉና አጎቴ ወደሚጠብቃቸው ባጃጅ ሄዱ። እኔ ይቅር ባይ ሆኜ ደጃፌ ላይ ቀረሁ።