ከመደዋወላችን በፊት

ቃለ አብ የሚባል ሰው በቴሌግራም የጻፈልኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ በምሠራበት የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ዱቄት እየመዘንኩ ሳለ ነው። አዲስ አበባ ባለ አንድ ሠራተኛ አፈላላጊ ኤጀንሲ ውስጥ ይሠራል። «ለአንድ ታዋቂ የምግብ ድርጅት የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ እንፈልጋለን። ደመወዝ በስምምነት። ነገ አራት ሰዓት ላይ ለአሥር ደቂቃ ብንደዋወልስ?» ይላል።

ይህቺ «በስምምነት» የምትባል ነገር ደሜን ታፈላዋለች። አምና በእሷው ተታልዬ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የዓመት ፈቃዴ አለቀ። ለአለቃዬም አክስቴ ታመመች ብዬ ዋሸሁ፤ ጉንፋን እንኳ የማያውቃትን አክስቴን! በመጨረሻው ቃለ መጠይቅ የነገሩኝ ደመወዝ ግን ከማገኘው ያነሰ ነበር። ስመለስ ደብረ ብርሃን መዳረሻ እስካለችው ጫጫ ድረስ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ደግሞ መሳሳት አልችልም። አለቃዬ ጋሽ ደጀኔ የሥልጠና ውል ሰጥቶኛል። ፋብሪካው ሦስት ወር ያሠለጥነኛል፣ እኔ ባለሁበት ደመወዝ ሁለት ዓመት ላገለግል እፈርማለሁ። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ፈርሜ ከወጣሁ የሥልጠናውን ወጪ እከፍላለሁ፤ ሳልፈርም ቀርቼ የቃለ አብ ሥራ ባዶ ቢሆን ሥልጠናው ለሌላ ይሰጣል።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ከመደዋወላችን በፊት ሙሉ የሥራ መዘርዝሩን፣ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ፣ ፈተናውና ቃለ መጠይቁም ስንት ዙር እንደሆነ ቢልኩልኝ። ከተስማማኝ ወዲያው እንነጋገራለን።»

አብራኝ የምትሠራው ሀና በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አነበበች።

«ወይ ጉድ! ገና ሳያይሽ ደመወዝ? ስግብግብ ናት ይልሻል።»

«ይበለኛ!» ብዬ ላክሁት።

ከላክሁት በኋላ ግን መልእክቱን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የቄስ ልጅ ነኝ። አንኮበር ባደግሁበት ቤት ስለ ገንዘብ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነውር ነበር። ረቡዕ ሙሉ ቀን መልስ አልመጣም።

ቃለ አብ ሐሙስ ከሰዓት መለሰ። የዘገየው ደንበኛቸውን ለማስፈቀድ ነው። ደመወዙ ሳይጣራ ከሠላሳ ሁለት እስከ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር፤ ሂደቱ የስልክ ውይይት፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተና፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ፤ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የእኔ ደመወዝ አሥራ አራት ሺህ ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ መዘርዝሩን ከፈትኩ። የሥራ ቦታ፦ ደብረ ብርሃን። አራተኛው መስመር ላይ ዓይኔ ፈጠጠ፦ «ከእነዋሪ አካባቢ የሚመጣ ስንዴ ሲገባ ናሙናውን ለብቻው መውሰድ።» ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ከወራት በፊት ጋሽ ደጀኔ «የምትሠሪውን ሁሉ ጻፊልኝ» ብሎኝ በእጄ የጻፍኩት ነው። የምሠራበት ድርጅት የገዛ ሥራዬን ነው ከእጥፍ በላይ በሆነ ደመወዝ ለገበያ ያወጣው።

ለቃለ አብ እውነቱን ጻፍኩለት። ደንግጦ ወዲያው ደወለ። ያየው ኢንተርኔት ላይ ያለውን የሥራ ልምድ ገጼን ነው፤ ገጹ ደግሞ አሁንም የድሮ መሥሪያ ቤቴን ነው የሚያሳየው፣ አላደስኩትም።

«የደንበኛችንን ሠራተኛ እኛ ማወዳደር አንችልም፤ ውላችን ይከለክላል» አለኝ። «ግን እኔ ብሆን ዛሬውኑ አለቃዬ ቢሮ እገባ ነበር።»

ገባሁ። ያልፈረምኩትን ውልና ስልኬን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጋሽ ደጀኔ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፤ ፊቱ ቀላ።

«ዝርዝሩን ለዋናው መሥሪያ ቤት የላክሁት ሥራ በዝቶብሻል፣ ረዳት ይቅጠሩልሽ ብዬ ነው» አለ። «ኃላፊ እንደሚቀጥሩ አልነገሩኝም። በልጆቼ እምላለሁ።»

አመንኩት። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ የምጮህበት ሰው አጣሁ።

«አሁኑኑ ማመልከቻ ጻፊ» አለ። «የውስጥ ተወዳዳሪ ብዬ እኔው እልከዋለሁ። ውሉም ይቆይ፣ የዓርቡን ቀነ ገደብ እኔ አራዝመዋለሁ።»

«ካልተመረጥኩስ፣ ጋሽዬ?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ካልተመረጥሽማ... የሚመጣውን ሰው ሥራውን የምታለማምጂው አንቺ ነሽ። ሌላ የሚያውቀው የለም።»

ያልፈረምኩትን ውል ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

«እንግዲያው እሱም ሥራ ነው። ስንት ወር እንደማለማምድና ስንት እንደሚከፈለኝ በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ደጀኔ ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ።