ሥራ እንደሌለኝ ይመዝገብልኝ

ከግብር ቢሮ የመጣውን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነበር። «ከውጭ አገር አሠሪዎ በየወሩ የሚከፈልዎትን ደመወዝ ባለማሳወቅዎ…» ይላል። «ከውጭ አገር አሠሪዎ» የምትለዋን ደግሜ አነበብኳት፤ ደስ ትላለች። ድንጋጤው የመጣው ወደ ታች ወርጄ ከነወለዱ፣ ከነቅጣቱ የተደመረውን ሳይ ነው። ልቀመጥ ስል ቀድሞውንም ተቀምጬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ፣ በብሩሽና በቀለም። እኔ ሳምንት የምለፋበትን ማሽን ሻይ እስኪጠጣ ድረስ አትሞ ስለሚያወጣው ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሸሹኝ። ሱቄን ግን አልዘጋሁም። ጠዋት እከፍታለሁ፤ ብሩሾቼን አጥባለሁ፣ ያልቆሸሹትን ማለቴ ነው፤ ማታ እዘጋለሁ። ቤቱን የያዙት ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴና ባሕር ማዶ ያለችው ታናሽ እህቴ ናቸው። እህቴ እዚያ አቅም ያነሳቸው ሽማግሌዎችን ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች። ደመወዟን በተቀበለች ቁጥር ከላዩ ቆንጥራ ትልክልኛለች።

ታናሹ የምትጦረው ሰው አመስግኖ አርፎ ይቀመጣል። እኔ መች አርፌ! አንድ ቀን ባንክ ገንዘቡን ልቀበል ስሄድ ገንዘብ ከፋይዋ በመስኮቱ በኩል፣ «ከማን ነው? ለምን ጉዳይ?» ብላ ጮክ አድርጋ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ደግሞ የሱቅ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ተሰልፏል። ይህ ሰው የሰማውን ነገር ፂም እየላጨ ለሰፈሩ ሁሉ ያድላል።

«ደመወዝ ነው» አልኳት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጅቷ ወረቀቷን አየት አድርጋ፣ «እዚህ ላይ ግን ለቤተሰብ ነው የሚለው» አለች። «ተሳስተው ነው» ብዬ ወጣሁ። እዚያው በር ላይ ለእህቴ ደወልኩ።

«እታለም፣ ከእንግዲህ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ደመወዝ ብለሽ ጻፊ።»

«የምን ደመወዝ ነው ጋሼ?»

«እዚህ አሠራሩ እንደዚያ ሆኗል።»

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነበርና ብዙም አልተከራከረችኝም። «እሺ» አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳታጓድል «ደመወዝ» እያለች ትልካለች።

ውሸት ደግሞ ብቻዋን አትኖርም፣ ዘመድ ትጠራለች። ፀጉር አስተካካዩ፣ «ደመወዙ የምን ሥራ ነው ወንድሜ?» አለኝ። «የእህቴን የንግድ ጉዳይ እኔ ነኝ የማስተዳድረው» አልኩት። የእህቴ ንግድ! ያላት ሀብት አንድ ጥንድ የሥራ ጫማ ነው። እንዳይጠረጥረኝ ብዬም ሱቄ በር ላይ ሰሌዳ ሰቀልኩ፤ «የውጭ ንግድ ወኪልና ሥራ አስኪያጅ»። ፊደሎቹን በወርቃማ ቀለም ጽፌ ጥላ ሰጠኋቸው። እውነቱን ልናገርና እጄ የሠራው ምርጥ ሥራ ነው። ሰፈሩም «ሥራ አስኪያጁ» ይለኝ ጀመር። አንዳንዱ እየሳቀ ነው የሚለኝ፤ እኔ ግን ሳቁን ትቼ ቃሉን እወስድ ነበር።

ባለቤቴ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበችውና መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«በል ሥራ አስኪያጅ፣ እንግዲህ ክፈላ» አለችኝ።

«ከየት አምጥቼ?»

«እኔም እሱን ነው የምልህ። የምትነግረው ለእህትህ ነው። ብትነግራት ደግሞ ዛሬውኑ ትልካለች፤ ጉልበቷን የምትታከምበትን አንሥታ።»

እህቴ ሽማግሌ ስታነሣ ስታስተኛ ጉልበቷ አልቋል። ሐኪም ቀዶ ሕክምና አዝዞላት ቀጠሮ ይዛለች። ከሥራ ለምትቀርበት ጊዜ የሚሆናትንም ከአፏ እየነጠቀች ታጠራቅማለች። እኔ መስኮት ላይ ለኮራሁባት አንዲት ቃል እሷ እያነከሰች ልትኖር ነው። ያን ዕለት ራሴን ጠላሁት። ምሳ ግን በላሁ።

የግብር መርማሪዋ ጉንፋን ይዟት በመሐረብ መካከል ነው የምታናግረኝ። የባንክ ሒሳቤን ዝርዝር ዘርግታለች። ከጎኑ የሰሌዳዬ ፎቶግራፍ አለ።

«ስጦታ ነው» አልኳት ገና ሳልቀመጥ። «እህቴ ናት የምትልክልኝ። በየወሩ ስለሆነ ነው ደመወዝ የመሰላችሁ።»

«በየወሩ መምጣቱ ብቻ ገቢ አያደርገውም» አለች። «እህትዎ ለኑሮዎ ብላ፣ ምንም ሳትጠብቅ የምትልክልዎት ከሆነ ዕድሜ ልኳን ብትልክም ስጦታ ነው፤ ግብር የለበትም። ለሠሩላት ሥራ የምትከፍልዎት ከሆነ ግን እህት መሆኗ አያድንዎትም። ከውጭ መምጣቱም አያድንዎትም።»

«ታዲያ እኮ አልሠራሁም!»

«ይኼ ሰሌዳ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ደመወዝ ብላ የጻፈችውስ ማን አዟት ነው?»

ጣቴን ወደ ራሴ ቀሰርኩ። እሷም አስነጠሳት።

«ስሙ አይደለም የሚወስነው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ከስሙ በስተጀርባ ሥራ አለ ወይስ የለም፣ እሱ ነው። ግን ስሙን ያወጡለት እርስዎ ስለሆኑ፣ ሐሰት መሆኑን ማስረዳትም የእርስዎ ፋንታ ነው። ዝምድናዎን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የእህትዎን የተፈረመ ማብራሪያ፣ ምንም ዓይነት ሥራ እንደማይሠሩላት የሚያሳይ ነገር ይዘው ይምጡ።» ፎቶግራፉን አነሣችና፣ «ጽሑፉ ግን ያምራል» አለች።

«አመሰግናለሁ» አልኩ። ሞኝ አይሞትም፣ እንዲሁ ሲያጫውት ይኖራል።

እንግዲህ ስንት ዘመን የደበቅኩትን ሥራ ፈትነት በማስረጃ ላስረዳ ነው። ሥራ አለኝ ለማለት ሰሌዳ ይበቃል፤ ሥራ የለኝም ለማለት ግን የሰው ምስክር ያስፈልጋል። አንገቴን ደፍቼ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ሰው ተቀምጧል።

«ምንም እንደማልሠራ ትመሰክርልኛለህ?» አልኩት በጆሮው።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ወንድሜ፣ ይኼንንማ ለመመስከር ሰልፍ ይያዛል!» አለ ምላጩን ወደ ላይ አንሥቶ። አረፋ የተቀባው ሰውዬም፣ «እኔም እፈርማለሁ» አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለእህቴ ደግሞ ቢሮው ማብራሪያ እንደሚፈልግ ብቻ ነገርኳት፤ የተጠየቅኩትን ድምር አልነገርኳትም። «የአሠራር ለውጥ ነው» አልኳት። እሷም እንደ ልማዷ «እሺ» ብላ ጽፋ፣ ፈርማ ላከች።

መርማሪዋ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አየች። የፀጉር አስተካካዩ ምስክርነት ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች፤ «ከጠዋት እስከ ማታ ወንበሩን ሲያሞቅ አይቻለሁ» ብሎ ነበር የጻፈው። ቀጥላ የእህቴን ማብራሪያ ከራሷ አፍ ላጣራ ብላ ደወለችላት፤ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተችው።

«ወንድምዎ የሚያስተዳድሩልዎት ንግድ፣ ቤት ወይም ንብረት እዚህ አለዎት?»

«እኔ? ኧረ የለኝም!»

«ይኼ ከሌሎቹ ለየት ያለ ድምር ያለውስ የምንድን ነው?»

በዓይኔ ጠቀስኩ። የምጠቅሰው ስልክ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

«እሱማ የሥራ ባልደረባዬ የላከችው ነው» አለች እህቴ። «እናቷ እዚያ ሱቅ አላቸው። ጋሼ ሰሌዳ ጻፈላቸው፣ ዋጋውን በእኔ በኩል ላከችለት።»

መርማሪዋ ያንን መስመር አሰመረችበት። «ይኼ በእህት እጅ ቢያልፍም የሥራ ዋጋ ነው፤ በዚያ ዓመት ገቢዎ ውስጥ ይገባል። የቀለምና የቆርቆሮ ደረሰኝ ካለዎት ወጪው ይቀነስልዎታል።»

ደረሰኙ ነበረኝ። ሌላ የምይዘው ወረቀት ስላልነበረኝ ሁሉንም አስቀምጫለሁ።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ» አለች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «ነገ ወንድምዎ ሱቁን ዘግተው ቤት ቢውሉ፣ ለእርስዎ ምንም ባይሠሩ፣ ገንዘቡን ያቆማሉ?»

እህቴ ሳቀች። «አሁንስ ምን ይሠራና ነው የማቆመው?»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። መርማሪዋ መሐረቧን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ጉንፋኑ እንዳልሆነ አውቄያለሁ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች እህቴ ከሳቋ መለስ ብላ። «የእኔ እመቤት፣ ይኼ ሰው እኮ እኔን በብሩሹ ነው ያስተማረኝ። አባታችን ሲሞት የትምህርት ቤቴን የከፈለው እሱ ነው፣ ደብተሬ ላይ ስሜን ሳይቀር እሱ ነበር የሚጽፍልኝ።»

«ታዲያ ብድሩን እየመለሱለት ነው ማለት ነው?» አለች መርማሪዋ ብዕሯን አንሥታ።

«ብድር?» አለች እህቴ። «ብድር ቢሆንማ አንድ ቀን ያልቅ ነበር።»

መርማሪዋ ጻፍ ጻፍ አደረገችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። በየወሩ የመጣው ስጦታ ነው፣ ግብር አይመለከተውም። የሰሌዳዋ ዋጋ ገቢ ነው፤ ወጪው ተቀንሶ ግብሯና የዘገየሁበት ቅጣት ተሰልቷል። ያን ባለቤቴ ለአንድ ቀሚስ የምታስከፍለው ይሸፍነዋል። «ሰሌዳውን ግን ያውርዱት» አለችኝ። «ሐሰት በዚህን ያህል ማማር የለበትም።»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ለእህቴ መልሼ ደወልኩ። አሁን ስለ ቅጣቱም፣ ስለ ፀጉር አስተካካዩም፣ ስለ ባንኩ መስኮትም ሁሉን ዘከዘክሁላት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ሊያስከፍሉህ የነበረውን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ እልክልህ ነበር» አለች።

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ። ቀጠሮሽስ?»

«አለ፣ አልሰረዝኩትም።»

«በይ እስክትድኚ ድረስ እንዳትልኪልኝ። እኛ እንደምንም እንሆናለን።»

«ተው እንጂ ጋሼ፣ ታዲያ ምን ትበላላችሁ?»

«ሠርቼ እበላለሁ።»

እንደገና ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት፤ እዚያም ጉንፋን ሳይኖር አይቀርም ልል ነበር፣ ግን የእኔም ዓይን እንባ ሞልቶ ስለነበር ቀልዱ አልወጣ አለኝ።

«እሺ» አለች።

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ። የበሩ ጥበቃ አየኝና ጠጋ ብሎ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ።

«አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። «ብዙ ጣሉብህ?»

«ብዙ ሰጡኝ» አልኩት። አላመነኝም።