እማዬ ያልነካችው አገጭ

ታናሽ እህቴ የፊት እንክብካቤ ቤቴን በር በርግዳ ገባችና የቅባቱን ቱቦ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

«በቃኝ! ሐኪሙም አንቺም ተዉኝ!»

እማዬም እያለከለከች ከኋላዋ ደረሰች።

እህቴ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አገጯ ከብጉር ተላቆ አያውቅም። ስትስቅ እንኳ በእጇ ትሸፍነዋለች። ሐኪም ያዘዘላት አዲሱ የማታ ቅባት የመጨረሻ ተስፋዋ ነበር፤ ወር ሳይሞላት ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባት።

«ነግሬሽ የለ? ቅባቱ የቆዳሽን እድሳት ያፈጥናል፤ ከሥር ያደፈጠውን ብጉር ቶሎ ገፍቶ ያወጣዋል። ከዚያ ይጠፋል» አልኳት።

«ድንቄም ይጠፋል! ፊቴ ራሱ ተልጦ ሊያልቅ ነው!»

በግድ አልጋው ላይ አስተኛኋትና መብራቱን አስጠጋሁ። አገጯ ላይ ያለው የተለመደው ብጉር ነው፤ ብዛቱ ያስደነግጣል እንጂ ያለፈው ሳምንቱ ደርቆ እየከሰመ ነው። እሰይ፣ ቅባቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጉንጯና ጆሮ ግንዷ ላይ ግን ድቅቅ ያለ ሽፍታ አየሁ።

«እዚህስ ወጥቶብሽ ያውቃል?»

«በጭራሽ! ደግሞ ያሳክከኛል።»

«እንግዲያው ይሄ ሌላ ነው። ቅባቱ የሚያወጣው ብጉር በለመደበት ቦታ ነው ብቅ የሚለው። ሌላ ምን ተቀባሽ?»

«ምንም! እማዬ ትሙት!»

ጎንበስ ብዬ ጉንጯን አሸተትኩ። ሽቶ ያለው የፀጉር ቅባት! ቀና ስል እማዬ በመስኮት መንገዱን ስታይ አገኘኋት። መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም።

«እማዬ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልጄ እንደ ሽንኩርት ስትላጥ ቁጭ ብዬ ልይ? ስትተኛ በፀጉር ቅባቴ ትንሽ አራስኳት።»

«አገጯንስ?»

«ቁስል ይነካል እንዴ? ያማታል ብዬ ተውኩት። ዳር ዳሩን ብቻ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ሳታውቀው የሐኪሙን ብጉርና የራሷን ሽፍታ ለይታልኝ አረፈች! ለሐኪሙ ደወልኩ። የእማዬ ቅባት ዛሬውኑ ይቁም፤ የታዘዘው ቅባት ግን ሽፍታው እስኪበርድ አንድ ቀን እየተዘለለ ይቀጥል፤ ካልበረደ ትምጣ አለ። ቱቦውን ከቅርጫቱ አንስቼ ጠረግኩት።

እህቴ ግን አልሳቀችም። አሁን ጠብ ሊነሳ ነው ብዬ ፈራሁ።

«በየማታው ፊቴን ትነኪኝ ነበር?» አለቻት እማዬን።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ አፈር ስሆን…»

«ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይሸሻል። ማንም የማይነካኝ ነበር የሚመስለኝ።» እንባዋ መጣ። የእማዬን እጅ ይዛ ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። «ቅባቱን ተዪው። እጅሽን ግን አትከልክይኝ።»

«እማዬ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። እኔም ተውኩትና አብሬ አለቀስኩ።