ማንም እንዳይጠየቅ

አቶ ክፍለማርያም ረቡዕ ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ጀምሮ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ደጅ ድንኳን ተተከለ፤ የለቅሶው ማጀት ደግሞ አጥር ተጋርተዋቸው የሚኖሩት የእማማ አጸደ ጓሮ ሆነ። ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም። ስለዚህ ሽንኩርቱም፣ ከሰሉም፣ ወሬውም እማማ አጸደ ዘንድ ነው።

እማማ አጸደ ሲፈጥራቸው ስጉ ናቸው። ሳይዘንብ ሲቀር ለምን ቀረ ይላሉ፤ ሲዘንብ ድንኳኑ ያፈሳል ይላሉ። ለቅሶ ላይ ግን ስጋታቸው ሙያ ነው። ደራሽ ቀጠሮ አይዝም፤ ጠዋት አምስት ሰው፣ ከሰዓት አርባ ሰው ይሆናል። እሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ሦስት ድስት ሲሠሩ ሁለቱን ያወጣሉ፤ ሦስተኛውን ከድነው መክደኛው ላይ ድንጋይ ይጭኑበታል። እንጀራው ኢስሊ ሰፈር እንጀራ ከምትጋግረው ከሰዲቃ በየጠዋቱ በሞተር ይመጣል፤ ከመቶ ሃያው ሠላሳው በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ መኝታ ቤታቸው ይገባል። ንፍሮ፣ ዳቦና ሻይ ለሚቸኩል፣ እንጀራ ከሩቅ ለመጣ።

ዓርብ፣ በሰልስቱ ዕለት ማለዳ፣ የሟች ሚስት ወይዘሮ ኣብረኸት ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆነው የእማማ አጸደን እጅ ያዙ።

«እትዬ አጸደ፣ ፈድሉ ይመጣል።»

«ደወለ?»

«አልደወለም። ግን ይመጣል። ከክፍለ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ መኪና የሞያሌን መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል። መቼና ከስንት ሰው ጋር እንደሚመጣ አላውቅም። እንግዲህ ሌላው ቢቀር እሱ ሳይበላ እንዳይሄድብኝ።»

«እኔ እያለሁ?» አሉ እማማ አጸደ።

ቀጥ ብለው ወደ ሰፈሩ መግቢያ በር ሄዱ። ዘበኛው ሙቲሶ ገቢውን ሁሉ መታወቂያ ጠይቆ፣ የት ነህ፣ ወደማን ነህ ብሎ ይመዘግባል። ከሞያሌ ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲንገላታ ያደረ ሽማግሌ በር ላይ ሲመረመር ታያቸው።

«ሙቲሶ ልጄ፣ ዛሬ ለቅሶ ደራሽ ማንም እንዳይጠየቅ። በርከት ብሎ የመጣ ሁሉ ወደ ድንኳኑ። ለእኔ ስልክ ብቻ ደውልልኝ። አንድ ጥሪ ለአንድ መኪና። ማታቱ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ከመጣ ደግሞ ሳትዘጋ ዝም ብለህ አስጩኸው።»

«ሳዋ፣ ማማ» አለ ሙቲሶ፣ እሺ ማለቱ ነው። የታዘዘውን ሁሉ ፈጸመ፤ ጥፋቱም ይኸው ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ሳያቋርጥ ጮኸ። እማማ አጸደ ምስሩን ወደ እሳት፣ የልጅ ልጃቸውን አቢግያን ወደ ወንበሩ ላኩ። ሃያ ስድስት ሴቶች ገቡ፤ ሁሉም ሌሶ የሚባለውን አበባማ ሽርጥ አንድ ዓይነት አገልድመዋል። ድንኳኑን ሲያዩ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ፤ ይዘውት የመጡትን ጥቅል ወይዘሮ ኣብረኸት ፊት አስቀመጡ።

«እማማ፣ እነዚህ የኛ ሰዎች አይመስሉኝም» አለች አቢግያ በጆሯቸው።

«ክፍለማርያም ጋራዥ ነበረው። ደንበኞቹ ናቸው።»

«ሃያ ስድስት ሴት? ደግሞ ያመጡት ዳይፐር ነው። ሲሪየስሊ፣ ለቅሶ ላይ ዳይፐር?»

«የአገሩ ልማድ ይሆናላ። ትናንት ያቺ ሴትዮ ዱቄትና ስኳር አላመጣችም? ደራሽ ማነህ አይባልም። አስታጥቢ።»

ሴቶቹ በሉ። ምስሩን ወደዱት፣ ክኩን ደገሙት፣ ጎመኑን በእንጀራ ጠረጉት። የሁለቱ ድስት ታቹ ሲታይ እማማ አጸደ ድንጋይ የተጫነበትን ድስት አፈጠጡበት። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ፈድሉ የለም። እንግዳ ተቀምጦ ድስት እንደተከደነ ይቆይ እንዴ? ድንጋዩን አነሱ። የመኝታ ቤቱ እንጀራም ተከትሎ ወጣ።

የመጨረሻዋ ጉርሻ ስትዋጥ፣ የቡድኑ መሪ ማማ ንጄሪ እጇን እየጠረገች ዞር ዞር አለችና በስዋሂሊ ጠየቀች።

«እግዚአብሔር ይስጥልን። ታዲያ ሕፃኑን የምናየው መቼ ነው?»

አቢግያ ለድንኳኑ ሰው ተረጎመች።

«የምን ሕፃን?» አሉ እማማ አጸደ።

«የቤት ቁጥር አሥራ አራቱ ሕፃን ነዋ። የማኅበራችን አባል ወልዳ አራስ ጥየቃ መጣን። ዘበኛው ወደዚህ ላከን።» ማማ ንጄሪ የአቶ ክፍለማርያምን ፎቶግራፍና ከፊቱ የበራውን ሻማ ያኔ ገና ልብ አለች። አፏን በሌሶዋ ያዘች። «እኛ እኮ ፎቶው የሕፃኑ አያት መስሎን ነበር።»

ከወይዘሮ ኣብረኸት በኩል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ሴቱ ሁሉ ደንግጦ ዞረ። የሚያለቅሱ መስሏቸው ነበር፤ ሳቅ ነው። «ክፍለ ቢያይ» አሉ፣ ዳይፐሩን ወደ ማማ ንጄሪ እየገፉ፣ «ክፍለ ቢያይ ዛሬ ሁለተኛ ይሞት ነበር።» ከዚያ ሴቶቹ በተራ ተነስተው፣ አሁን አውቀው፣ እጃቸውን ጨብጠው አጽናኗቸው።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሳያቋርጥ። አልዘጋ ሲል ቆየ።

ከሁለት ማታቱ ሠላሳ አንድ ሰው ወረደ፤ ከፊት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ። ሐጂ ፈድሉ ጁምዓ ሰግደው፣ የሞያሌውንም የኢስሊውንም ነጋዴ አስከትለው መምጣታቸው ነው።

እማማ አጸደ ወደ ጓሮ ሮጡ። ሦስት ድስት፣ ሦስቱም ባዶ። እንጀራ አሥራ ሁለት። ሰዲቃ ስልኩን አነሳች፤ በዓርብ መንገድ ሞተሩ ቢፈጥን አንድ ሰዓት ነው አለች።

«አለቀልኝ» አሉና በርጩማው ላይ ዘጭ አሉ። «አንድ ነገር ነበር የለመነችኝ። አንድ።»

ማማ ንጄሪ ለመሰናበት ተከትላቸው መጥታ ነበር። ባዶዎቹን ድስቶች አየች፤ ነገሩ ገባት።

«ማማ፣ የእኛ ምግብ እኮ አሥራ አራት ቁጥር እሳት ላይ ተቀምጧል። ጠዋት አስቀድመን የላክነው። ማን ነካው? እኛ የእናንተን በልተናል።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እማማ አጸደ፤ መጨነቃቸውን መቼ ይተዋሉ። «ሥጋ አለበት? ቅቤስ? የኛ ሰው ጾም ነው። የእነሱ ደግሞ ሥጋ ቢሆን የእስላም ካልሆነ አይነኩም።»

«ጥቁር አደንጓሬ ነው፣ ንጃሂ። የአራስ ምግብ። ቻፓቲና ጎመን አለ። ሁሉም በዘይት።»

እማማ አጸደ ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። ለጾመኛው ይሆናል። ለእስላሙ ይሆናል። የለቅሶ ምግብ አይደለም እንጂ። «አምጡት» አሉ።

ሃያ ስድስቱ ሴቶች በየሁለት ሆነው ሱፉሪያ የሚሉትን ድስታቸውን በሌሶ ጨብጠው ተመለሱ። ያንን ሁሉ ሰው ያበሉትም ራሳቸው ናቸው፤ አንዷ ታስታጥባለች፣ አንዷ የቻፓቲውን ቂጣ ታድላለች።

ሐጂ ፈድሉ ቻፓቲያቸውን ቆርሰው አደንጓሬውን ጠቀሱና እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ።

«ኣብረኸት፣ ይህን ማን አሰበው?»

«ምን ሆነ?»

«ኢሲዮሎ ስንደርስ እኔና ክፍለ ሁልጊዜ ይህንኑ ነበር የምንበላው። ሃያ ዓመት፣ ከአንድ ሳህን። እንጀራ እዚያ ከየት ይመጣል። እሱ ሁልጊዜ ቻፓቲው ላይ ያጭበረብረኝ ነበር፤ ትልቁን ግማሽ ይወስዳል።» ቆረሱና ትልቁን ግማሽ ወደ ወይዘሮ ኣብረኸት አቀበሏቸው። «አላህ ያጽናሽ። የሱ ድርሻ ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ አልበላም ሲሉ የነበሩት ወይዘሮ ኣብረኸት ተቀብለው በሉ። በሐጂ ትከሻ ላይ አሻግረው እማማ አጸደን አዩአቸው፤ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

የሰዲቃ ሞተር ሁሉም «ነፍስ ይማር» ብሎ ከተነሳ በኋላ ደረሰ። ስልሳ እንጀራ። እማማ አጸደ ግማሹን ለነገ ደራሽ አስቀመጡ፤ በግማሹ ሽሮ ሠርተው ለአራሷ ቤት ላኩ፤ ምግቧን በልተውባታልና።

ማምሻውን ወደ በሩ ወረዱ። ሙቲሶ ወሬው ደርሶት ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ይጠብቃቸዋል።

«ማማ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም ልጠይቅ?»

እማማ አጸደ ኮፍያውን ተቀብለው መልሰው ጭንቅላቱ ላይ ደፉለት።

«አትጠይቅ» አሉ። «ስልኩን ብቻ ትንሽ ቀደም አድርገህ ደውል።» ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱ። «ደግሞ ነገ ዝናብ አለ ወይ?»