እንዳለ አንብቢልኝ

በላሊበላ፣ አፋፍ ላይ በተሠራው ሆቴል፣ በወጥ ቤቱ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ያስለጠፈው ያን የተባለው የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ነበር። በእንግሊዝኛ የጻፈውን ስልኩ ወደ አማርኛ መለሰለት፤ አሳተመው፤ ፎቶ አነሣውና በእንግዳ መቀበያ ለምትሠራው ለፅናት ላከላት። «ትክክል ነው?» ሲል ጠየቃት።

ፅናት በዚያ ሰዓት ከአውሮፕላን ማረፊያ ለደረሱ እንግዶች ክፍል ታከፋፍል ነበር። ፎቶውን ከፍታ አየችው። «እጅህን ሳትታጠብ ወጥ ቤት አትግባ። ንጽሕናህን ጠብቅ» ይላል። ፍቺው አልተሳሳተም። አንድ ነገር ግን ቅር አላት። እንግዶቹ ቆመው ይጠብቋታል። «ትክክል ነው» ብላ መለሰች።

በማግስቱ ወይዘሮ ሸጌ በሩ ላይ አገኟት። ሆቴሉ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ የጾም ምግቡን የሚሠሩት እርሳቸው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም።

«ፅናትዬ፣ ይኼ ደግሞ ምን ይላል?»

ፅናት ለማንበብ አፏን ከፈተች። ነገር ግን እናቷን ለሚያህሉ ሴት እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሊወጣላት አልቻለም።

«እባክዎ እጅዎን ታጥበው ይግቡ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ተባረክ በይልኝ! ፈረንጅ ሥርዓት የለውም ስል ነበር እኮ።» ስቀው ገቡ። በዚያው ቀን ለያን ትኩስ ዳቦ ላኩለት።

ነገሩ በዚሁ በቀረ ነበር። ቢሆነኝ የተባለው አስተናጋጅ ግን ቀልድ ይወዳል።

«እማማ ሸጌ፣ ፈረንጁ ወንድ አደረገዎ አሉ! ‹ታጠብ! አትግባ!› ይልዎታል። እኔን እንኳ እንዲህ የሚቆጣኝ የአራተኛ ክፍል አስተማሪዬ ነበር።»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀላማጅ! ፅናት አንብባልኛለች። እባክዎ ነው የሚለው።»

«በይምርሐነ ክርስቶስ! እባክዎ የሚል ከተገኘበት ደመወዜን ይውሰዱት።»

በወጥ ቤቱ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወይዘሮ ሸጌ አልሳቁም። ሽርጣቸውን ፈትተው፣ አጥፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ። በእንግዳ መቀበያው በኩል ሲያልፉ ፅናት «እትዬ!» ብትል ዘወር አላሉም።

ያን ግራ ገባው። «ስለ ንጽሕና ነው የጻፍሁት። በየትኛውም ወጥ ቤት ይለጠፋል።»

ፅናት ፎቶውን ከፍታ አሳየችው። «በእንግሊዝኛ ሕፃኑንም ጳጳሱንም የምትጠሩበት ቃል አንድ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቃሉ ራሱ ማንን እንደምታናግር ይናገራል። ስልኩ አንባቢው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ አንድን ታናሽ ወንድ እንደሚያዝ አድርጎ ተረጎመው።»

«እባክህ የሚል ብንጨምርበትስ?»

«ያው ‹አንተ› መባሉ አይቀርም። ለሁሉም በአንድነት ‹ታጠቡ› ቢባል ማንም አይከፋውም። ‹እባክዎ ይታጠቡ› ቢባል ደግሞ ይበልጥ ያማረ ይሆናል። የመጨረሻው ግን ይውጣ። ‹ንጽሕናህን ጠብቅ› ሲሉት ቆሻሻ ነህ ያሉት ያህል የሚሰማው ሰው አለ።»

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን ትክክል ነው አልሽኝ?»

«ስለ ፍቺው የጠየቅኸኝ መስሎኝ ነው» አለች። እውነቱ ይህ ብቻ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ማስታወቂያ ይዛ ወደ ወይዘሮ ሸጌ ቤት ወረደች። ሴትዮዋ መደባቸው ላይ ተቀምጠው የሽሮ አተር ይለቅማሉ። ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። እርሳቸው ግን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«የፊተኛውን አንብቢልኝ። እንዳለ።»

«እትዬ፣ እሱ ተነሥቷል እኮ።»

«እንዳለ አልሁሽ።»

ፅናት ፎቶውን አወጣች። «እጅህን ሳትታጠብ...» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው አነበበችው። ፊታቸውን ለማየት አልደፈረችም።

«ፈረንጁ አያውቅም» አሉ ወይዘሮ ሸጌ። «ይቅር ብየዋለሁ። አንቺ ግን ዳቦ አስላክሽኝ። በሰው ፊትም አስከራከርሽኝ።»

«አክብሬዎት ነበር፣ እትዬ።»

«ማክበርሽን አላጣሁትም። እኔ ግን የጠየቅሁሽ ዓይን እንድትሆኚኝ ነው።»

የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሴትዮዋም እስካሁን አልበሉም። ፅናት ተነሥታ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን አመጣች፤ ፎጣውንም ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ፊታቸው ጎንበስ አለች። በዚያ አገር ታላቅን ሰው ታጠብ አይሉትም፤ ውኃ ይዘው ይቆሙለታል። ወይዘሮ ሸጌ ጥቂት አዘገዩአት። ኋላ እጃቸውን ዘረጉላት። ቀስ ብላ አፈሰሰች።

በሳምንቱ መጀመሪያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ፅናት በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ደኅና አደርሽ ብለው ሳሟት። ከዚያም ወደ አዲሱ ማስታወቂያ ቀና ብለው አዩና ወደ ውስጥ ተጣሩ።

«ቢሆነኝ! አንተ ቀላማጅ፣ ና እስቲ ይህን አንብብልኝ።»