የጅጋው ማቀዝቀዣ ዋስትና

የጅጋው ክሊኒክ ድሬሰር፣ እንዳለው የሚባለው ቁስል አሳሪና መርፌ ወጊ፣ ማቀዝቀዣው መበላሸቱን መጀመሪያ ያወቀው በአፍንጫው ነው። ጠዋት የመድኃኒቱን ክፍል ሲከፍት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ተቀበለው፤ ሰንብቶ ያልተጠረገ የበቅሎ ጋጥ ይመስላል። የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ብልቃጦቹ ለብ ብለዋል።

ብልቃጦቹ የእብድ ውሻ መድኃኒት ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ሲላኩለት፣ የቀረው ይኸው ነው፣ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክረምቱ ይወጣል ተብሎ ነበር። በክሊኒኩ ጓሮ ካለችው ክፍል ደግሞ ሲሳይነሽ አለች። ቋሪት ደጋ ላይ ድንች ስትኮተኩት እብድ ውሻ ጡት በሚጠባው ልጇ ላይ ሲዘል ክንዷን ሰጠችው። ልጁ ተረፈ፤ እሷ ተነከሰች። ወንድሟ የሽዋስ በጭቃው እየደገፈ ይዟት ወረደ። መርፌው በየቀኑ እምብርቷ ዙሪያ ይወጋል፤ ገና ግማሹ አልተወጋም። ከተቋረጠ ወይም ሙቀት ካበላሸው ምን እንደሚከተል እንዳለው ያውቃል። አንድ ጊዜ በወጣትነቱ ውኃ አይቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው አስታሞ፣ ከዚያ ወዲህ ያንን ሕመም በስሙ አይጠራውም።

ማቀዝቀዣው ከሥሩ በሚነድ የላምባ ፋኖስ የሚሠራ ነው። የጅጋ ሕዝብ አዋጥቶ ከፍኖተ ሰላሙ ነጋዴ ከአቶ ዘሩ ሱቅ የገዛው ሲሆን፣ መዋጮውን የሰበሰቡት መርጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ሽማግሌው እጅጉ የሚሸጥ እህል ባይኖራቸው የወለደች በጋቸውን ነድተው ሰጥተዋል። ከተገዛ ገና ዓመት አልሞላውም።

እንዳለው ቶሎ ብሎ በገንቦ አሸዋ ሞልቶ ውኃ አርከፈከፈበትና ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀበራቸው። ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ የጭነት መኪናም ለአቶ ዘሩ መልእክት ላከ።

ከሰዓት በኋላ የሱቁ መካኒክ ሙጬ መጣ። ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ፋኖሱን አወጣና ክሩን አየ፤ የጭስ ማውጫውን ፈትቶ መሬት ላይ ሲመታው ጥላሸቱ እንደ ኑግ ፈሰሰ።

«ክሩን ከፍ አድርገውት ነበር፣ ጋሼ?»

እንዳለው መዋሸት አልቻለበትም። «ሰሞኑን ቅዝቃዜው እየደከመ ሲሄድ ጊዜ ከፍ አደረግሁት። ሙቀቱ ቢጨመር ይበረታል ብዬ።»

«ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ነበር?»

«ሆኖ ነበር። ኋላ ዝቅ አደረግሁት።»

ሙጬ ጭስ ማውጫውን ጠረገ፣ ክሩን ቆርጦ አስተካከለ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ እስኪሆን ጠበቀ። በላዩ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጦ ወለሉ ማዘንበል አለማዘንበሉን ፈተሸ፤ አላዘነበለም። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ ቱቦዎቹን በጣቱ ሲዳስስ ከአንዱ መበየጃ ላይ ቢጫ ነገር ጣቱን ነካው። አሸተተውና ፊቱን አዞረ።

«እስከ ነገ ይንደድ» አለ። «የዘጋው ጥላሸት ብቻ ከሆነ ይቀዘቅዛል።»

ሙጬ ጅጋ አደረ። በማግሥቱ ከኋላ ያለው ማሞቂያ ይፋጃል፤ ውስጡ ግን እንደ ቁም ሣጥን ነው፤ አልቀዘቀዘም። እንዳለው መካኒኩን ክንዱን ይዞ ከኋላ ወሰደው።

«ይህ ቢጫ ምንድን ነው? ሽታውስ?»

ሙጬ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «አፌን አያስከፍቱኝ፣ ጋሼ» አለ። «እኔ ያየሁትን ለጌታዬ እነግራለሁ። እንጀራዬ እሳቸው ዘንድ ነው።»

እንዳለው ገንቦውን አቅፎ፣ የዋስትናውን ወረቀት በደረት ኪሱ ከቶ፣ ሲሳይነሽንና የሽዋስን አስከትሎ ሙጬ በሚመለስበት የጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ገባ። ሲሳይነሽ ልጇን አዝላ ከጆንያ ላይ ተቀምጣለች። መንገዱን ሁሉ ገንቦውን እንጂ ሌላ አላየችም።

አቶ ዘሩ ከባንኮኒያቸው ጀርባ ነበሩ። በስተቀኛቸው ለናሙና የቆመ፣ ከጅጋው ጋር አንድ ዓይነት ማቀዝቀዣ እየሠራ ውስጡ ለስላሳ መጠጥ ተደርድሮበታል። ሙጬ ቀድሞ ገብቶ በጆሯቸው ነገራቸውና ወደ ጓዳ ሄደ።

«ሐኪም፣ አዘንሁ» አሉ ዘሩ። «ጥፋቱ የአያያዝ ነው። ክር ከፍ ተደርጎ፣ ጭስ ማውጫው በጥላሸት ታፍኖ ማሽኑ ተቃጠለ። ዋስትናው ይህንን አይሸፍንም።»

እንዳለው ወረቀቱን ዘረጋ። «በፋብሪካ ጉድለት ለሚደርስ ብልሽት እስከ ዓመት በነጻ ይጠገናል ይላል።»

«ከሥሩም ያንብቡት። በአያያዝ ጉድለት ለሚደርስ ሻጩ አይጠየቅም ይላል።»

«ጥላሸቱ ቅዝቃዜው ከደከመ በኋላ የመጣ ነው፣ አቶ ዘሩ። ደክሞ ባላየው ኖሮ ክሩን ምን ያስነካኝ ነበር? ደግሞስ ሰውዎ ጠርጎት አደረ፤ ጥላሸት ቢሆን ኖሮ ይቀዘቅዝ አልነበር? ቱቦው የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ከመበየጃው ላይ አፍስሷል። መበየጃውን እኔ አልበየድሁት።»

«በእሳት ብዛት የተሰነጠቀ ቢሆንስ?»

«ሙጬን ይጠሩልኝና ይናገር።»

ዘሩ ወደ ጓዳው አልተጣሩም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይስሙኝ፣ ሐኪም። ያ የታሸገ ቱቦ እዚህ አይጠገንም፤ ሙሉውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። እዚያ ያለው አስመጪ ደግሞ የመካኒኩን ቃል ይጠይቃል። ጥላሸት ነበረበት ከተባለ አይከፍልም፤ ከእኔ ላይ ይቆርጣል። ባለፈው ዓመት በቡሬው ማቀዝቀዣ እንዲህ አድርጎኛል። ሁለተኛ አልሸከምም።»

«እንግዲያ የእርስዎና የአስመጪው ጣጣ ለጅጋ ሕዝብ ተረፈ ማለት ነው።»

«የጣጣው ባለቤት ክሩን የነካ ነው።»

እንዳለው ሌሊቱን ሁሉ ራሱን ሲጠይቅ ያደረው ይህንኑ ነበር። ባልነካው ኖሮ ዛሬ አፉን ሞልቶ ይከራከር ነበር። ገንቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አሸዋው ደርቋል፤ ጣቱን ሲሰድበት የፀሐይ ሙቀት ገብቶበታል።

«ዋስትናው ይቆየን» አለ። «ይህን ለጊዜው ከእርስዎ ማቀዝቀዣ ያስገቡልኝ። ከደጅ ያለችው ሴት በእብድ ውሻ የተነከሰች ናት። እኔ እዚሁ ሆኜ በየቀኑ እወጋታለሁ።»

ዘሩ በበሩ በኩል ተመለከቱ። ሲሳይነሽ ከደረጃው ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች፤ የተነከሰው ክንዷ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። እንዳለውም ሰውዬው እንደራሩ አየ፤ እውነትም ራርተዋል። ነገር ግን ከርኅራኄያቸው ጋር ፍርሃታቸው መጣ።

«አስገባለሁ» አሉ። «ብቻ ነገ ደግሞ ከወረዳ ፍርድ ቤት እንዳንገናኝ። ብልሽቱ በአያያዝ ጉድለት መሆኑን አምኜ የዋስትና ጥያቄዬን ትቻለሁ ብለው ይፈርሙልኝ። ያን ጊዜ ማቀዝቀዣዬ የእርስዎ ነው፤ እስክትጨርስም የምታድርበት ክፍል ከጓሮ እሰጣታለሁ።»

«አቶ ዘሩ፣ ይህ እኮ የእኔ ንብረት አይደለም። የሕዝብ ነው።»

«እንግዲያስ ሄደው ሕዝቡን ይጠይቁ።»

ጅጋ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላል። እንዳለው ወደ ጓዳው መጋረጃ አየ። ከሥሩ የሙጬ ጫማ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም። እጁን እንደገና ከአሸዋው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ብዕሩን ተቀበለና ፈረመ። ስሙን ጽፎ እንደጨረሰ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከለስላሳው ጠርሙሶች ጎን ደረደረ።

ሲሳይነሽ መርፌዋን ጨረሰች። ዘሩም ቃላቸውን ጠበቁ፤ አንድም ቀን ማቀዝቀዣውን አልከለከሉም፤ ሚስታቸውም ለእመጫቷ እህል ውኃ አላጓደሉባትም። እንዳለው ይህ ይበልጥ ከበደው። ሰውዬው ጨርሶ ክፉ ቢሆንለት ለመጥላት ይቀለው ነበር።

ጅጋ ሲመለስ ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስበው ጠበቁት። ያደረገውን ሳይቀንስ ነገራቸው፤ ክሩን ከፍ ማድረጉንም ጨምሮ። መርጌታ ወልደ ዮሐንስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሰሙት።

«ሴቲቱ እንዴት ናት?»

«መርፌውን ጨርሳለች። ቢሆንም ጥቂት ወራት ካላለፉ ዳነች አይባልም።»

«ጌታ ይማራት። አንተም እኛን ሳትጠይቅ የእኛን ሰጠህ። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር እያልሁ ነው፤ አላውቅም።»

እጅጉ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ አውቃለሁ» አሉ። «እሷ የቋሪት ናት። ነገ የእኔን ልጅ ልጅ ውሻ ቢነክሰው መድኃኒቱን የት ታስቀምጥልኛለህ?» መልስ ሳይጠብቁም ወጡ።

ሽማግሎቹ መርጌታን ይዘው ዘሩ ዘንድ ሄዱ፤ ዘሩ በአክብሮት ተቀብለው ወረቀቱን አሳዩአቸው። እንዳለው በራሱ ስም ወረዳ ፍርድ ቤት አመለከተ። ዳኛው ፊርማውን አሳይተው፣ ያንተ ነው ወይ ብለው ጠየቁት።

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ። ተገድጄ ነው የፈረምሁት።»

«ማን መታህ? ማን አሰረህ?»

«ማንም።»

«ማን አስፈራራህ?»

እንዳለው ስለ ገንቦው ሊናገር ጀመረ። ዳኛው ጥቂት ካዳመጡት በኋላ እጃቸውን አነሡ። ሙጬ ለምስክርነት ተጠርቶ ጥላሸት ማየቱን ተናገረ። ስለ መበየጃው ሲጠየቅ፣ ከተቃጠለ በኋላ ይሁን በፊት ለይቼ አላውቅም አለ። ይህን ሲል እንዳለውን አላየውም። ፋይሉ ተዘጋ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ በእግሩ ተመለሰ። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ግራና ቀኝ አደይ ፈንድቷል። ከከተማው መግቢያ ላይ እጅጉን አገኛቸው፤ አህያ ይነዳሉ። ሰላምታ እንደማይመልሱለት እያወቀ ጎንበስ አለ።

ሽማግሌው አህያዋን አቆሙ። «እንዴት ሆነ?»

«ተፈረደብኝ።»

«ቢሆንም ሄደህ ተናግረሃል።» ቀጥለውም ጠየቁት፣ «ያች የቋሪቷ ሴትዮ ወሬዋ ይሰማል?»

«ወንድሟ ባለፈው ገበያ መጥቶ ነበር። ደኅና ናት ብሎኛል፤ አረም ላይ ናት።»

እጅጉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው እንዳለው አልለየም። አህያዋን መታ አድርገው አለፉት።

እንዳለው ክሊኒኩን ከፈተ። ከጤና ጥበቃ የመጣ ወረቀት ከበሩ ሥር ገብቶ ወድቋል፤ የሚሠራ ማቀዝቀዣ እስኪኖር ድረስ የእብድ ውሻው መርፌ ለጅጋ አይላክም ይላል። ከደጅ አንድ ገበሬ እግሩን በጨርቅ ጠምጥሞ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ምን ነክቶህ ነው?» አለው እንዳለው።

ሰውዬው ጨርቁን መፍታት ጀመረ። እንዳለው አጠገቡ ተንበረከከ፤ ጨርቁ ተፈትቶ እስኪያልቅ፣ እሾኽ ወይም መጥረቢያ እንዲሆን በልቡ እየለመነ።