«በፊት» የሚለው ቃል

ሰብርኢሾ ባግዳድ፣ በክርስቲያኖቹ ሰፈር የሚኖር ተርጓሚ ነበር። ፍልስፍና ወዳዱ ሹም አቡ ዙርዓ፣ አንድ የግሪክ ጠቢብ ስለ እንቅስቃሴ የጻፈውን መጽሐፍ በዐረብኛ እንዲያዘጋጅለት አዘዘው። መጽሐፉን ወደ ሶርያኛ የመለሰው የሰብርኢሾ መምህር ዘካይ ነው፤ ሳይጨርሰው ሞተ።

ሰብርኢሾ የመምህሩን ሥራ ከሦስት የግሪክ ቅጂዎች ጋር ሲያመሳክር አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ዘካይ «ዓለም አምላክ በፈቀደ ጊዜ ጀመረች» ብሏል። በግሪኩ ግን ይህ የለም። ጠቢቡ የሚለው ጊዜ ጅማሬ የለውም ነው። ጀመረ ካልን «ከዚያ በፊትስ?» ብለን እንጠይቃለን፤ «በፊት» ራሱ ደግሞ ጊዜ ነው።

ሰብርኢሾ ሊያርመው ብዕር ባነሳ ቁጥር ከኋላው የዘካይ ሳል ይሰማዋል። ሲዞር መምህሩ ይቀመጥበት የነበረው ምንጣፍ ባዶ ነው።

መጨነቁ ስለበዛበት ነገሩን አቡ ዙርዓ ቤት ለክርክር በተሰበሰቡ ምሁራን ፊት አወጣው።

«እንዳለ ተወው!» አለ አቡ ዙርዓ። «ፍልስፍና ሃይማኖትን አትቃወምም እያልኩ ስሟገት ነው የኖርኩት። ጉድ ልታደርገኝ ነው?»

የፍልስፍና ጠላት የነበረው ሸይኽ ሙንዚር ሳቀ። «የጠቢቡ ወዳጅ አፉን ሲለጉመው እኔ ጠላቱ ይናገር እላለሁ! ስማ ተርጓሚው፣ ልክ እንዳለው ጻፍልኝ። ያላለውን ነገር ተከራክሬ ባፈርስ ምን ዋጋ አለው?»

«እኔም እኮ ዓለም ተፈጠረች ብዬ የማምን ክርስቲያን ነኝ፣ ሸይኽ።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሃል?»

ሰብርኢሾ ቤቱ ገብቶ፣ ሳሉን እየሰማ፣ ልክ ጠቢቡ እንዳለው ጻፈው። መምህሩ ለምን ቃሉን እንደለወጠ ያን ቀን ገባው፤ ሹም ፈርቶ ሳይሆን፣ ሐሳቡ ራሱ አላስቀምጥ ብሎት ነበር።

አቡ ዙርዓ ተቆጥቶ ደጁን ዘጋበት። ሸይኽ ሙንዚር ግን መስጊድ ውስጥ ለጠቢቡ መልስ ሰጠ፦ «ያለፉት ቀናት ማለቂያ ባይኖራቸው ኖሮ ዛሬ ላይ ባልተደረሰ ነበር። ጊዜም ከዓለም ጋር የተፈጠረ ነው።» ሕዝቡ በደስታ ጮኸ።

ከወራት በኋላ ሸይኹ ሰብርኢሾን ፍለጋ መጣ። ከስቷል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ረታኸው አሉኝ እኮ» አለው ሰብርኢሾ።

«ሰዎቹን ረታሁ። ለሶላት ስንበረከክ ግን አንድ ድምፅ ‹ከዚያስ በፊት?› ይለኛል። ‹በፊት የሚባል የለም› እለዋለሁ። ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ይጠይቀኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተንስ?»

«እኔ ጋ ከኋላዬ ይስላል።»

ሸይኹ አልሳቀም። ጫማውን አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠና፣ «የቀረውን የመጽሐፉን ክፍል መቼ ትጨርስልኛለህ?» አለው።